«ሌቦች ናቸው» ተብሎ ሲጻፍባችሁ፦ ለሱቅ ባለቤት የመልስ አጻጻፍ

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ አካባቢ የኤሌክትሪክ እቃ ሱቅ አለኝ። ቬንትሌተር፣ ካውያ፣ ምጣድ፣ ስታብላይዘር እንሸጣለን። ባለፈው ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ ጠዋት ሱቅ ከፍቼ ገና ሻይ ሳላዝ፣ ስልኬ ጮኸ። ጎግል ማፕ ላይ በሱቃችን ስም አዲስ አስተያየት ገብቷል። አንድ ኮከብ። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦

«ሌቦች ናቸው! አሮጌ ቬንትሌተር አዲስ ነው ብለው ሸጡልኝ። አንድ ወር ሳይሞላው ተቃጠለ። ይዤ ስመለስ ሰድበው አባረሩኝ። ጋራንቲ የሚሉት ውሸት ነው። ማንም እዚህ እንዳይገዛ!»

ደሜ ፈላ። 11 ዓመት በዚያ ሱቅ ስቆም እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ልጽፍ የነበረውን ብጽፍ ኖሮ ዛሬም ድረስ ከስሜ ሥር ተለጥፎ ይነበብ ነበር። በመጨረሻ የጻፍኩት ግን እስከ ዛሬ አላሳፈረኝም። እንዴት እንደተጻፈ ደረጃ በደረጃ ልንገራችሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልለይ። እዚህ የማወራው ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ሐሰት ስለሆነ አስተያየት ነው። ከባዱ እሱ ነው። ሁሉንም ከካዳችሁ እውነተኛው ግማሽ ያጋልጣችኋል። ሁሉንም ይቅርታ ብላችሁ ካለፋችሁ ደግሞ ሐሰተኛው ግማሽ እንደ እውነት ይጸናባችኋል። መልሱ ሁለቱን መለየት አለበት፣ ያውም በጥቂት መስመር።

በዚያው ሰዓት አትመልሱ

የመጀመሪያው ሥራ ስክሪን ሾት ማንሳት ነው። ጻፊው በኋላ ሊያስተካክለው ወይም ሊያጠፋው ይችላል። እናንተ የመለሳችሁት የትኛውን እንደሆነ ማስረጃው እጃችሁ ላይ ይሁን። ከዚያ ስልኩን ኪስ ውስጥ ክተቱት።

እኔ ለራሴ ያወጣሁት ገደብ ከአንድ ሌሊት በኋላ፣ ከሦስት ቀን በፊት ነው። አንድ ሌሊት ንዴት ያበርዳል። ከሦስት ቀን በላይ ከቆየ ግን ያነበበው ሰው «ዝም አሉ፣ እውነት ነው ማለት ነው» ይላል።

ለእኛ አገር ሰው አንድ ነገር በግልጽ ልበል። መልሱን ከሰዓት በርጫ ላይ ተቀምጣችሁ አትጻፉ። ወዳጅ ይሰበሰባል፣ ስልኩ እጅ ለእጅ ይዞራል፣ አንዱ «እንዲህ በለው» ይላል፣ ሌላው ይጨምራል። ምርቃናው ደግሞ ረጅም ያስጽፋል። ያኔ በጣም ያማረ የመሰለው ጽሑፍ ማታ ሲነበብ ሌላ ነው። ጠዋት፣ ሱቁ ገና ሳይሞላ፣ ብቻችሁን ሆናችሁ ጻፉት።

እግረ መንገዳችሁን አንድ ነገር አረጋግጡ። ጎግል ላይ መልስ መስጠት የሚችለው ሱቁ የእሱ መሆኑን ያስመሰከረ ብቻ ነው። ብዙ ሱቅ ማፑ ላይ የገባው ባለቤቱ ሳያውቅ፣ በአላፊ አግዳሚ ሰው ነው። የእናንተም እንደዚያ ከሆነ የሱቁን ስም ፈልጋችሁ «Claim this business» የሚለውን ትጫናላችሁ። ጎግል በስልክ ወይም ሱቁን በቪዲዮ አስቀርጾ ያረጋግጣል። ይህ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ስድብ እስኪመጣ አትጠብቁ።

የራሳችሁን መዝገብ ተመልከቱ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። መልሱ ጽኑ የሚሆነው ግን እዚህ በሚገኘው ነገር ነው።

የደረሰኝ ቀሪውን አወጣሁ። ቬንትሌተሩ የተሸጠው ግንቦት 7 ነው። ባለ መቆሚያ፣ 3,800 ብር። ሰውየው ይዞ የተመለሰው ሰኔ 3። ስቆጥረው 26 ቀን ሆነ። «አንድ ወር ሳይሞላው» ያለው እውነት ነው ማለት ነው።

ሱቅ ውስጥ የነበረውን ልጅ ጠራሁት። ስድቡን ሳልነግረው፣ «ያ ቬንትሌተር የመለሰው ሰውዬ ጋ ምን ተባባላችሁ?» ብቻ አልኩት። አስተያየቱን አሳይታችሁት ከጠየቃችሁት ራሱን ለመከላከል ይናገራል። በባዶው ከጠየቃችሁት የሆነውን ይነግራችኋል። እንዲህ አለኝ፦ «ሞተሩን ሌላ ቦታ አስከፍቶታል። የለጠፍነው ስቲከር ተቀዷል። እኔም ‹ከፈትከው፣ አይመለከተንም፣ ሂድ የከፈተው ይሥራልህ› አልኩት።»

«ሰው ነበር?»

«ሦስት አራት ሰው ነበር።»

ስድብ ባይሆንም በሰው ፊት ማዋረድ ነው። ሰውየው «ሰድበው አባረሩኝ» ቢል አልፈርድበትም።

ከዚያ ደረሰኙን ገልብጬ አነበብኩት። ጋራንቲው 6 ወር ነው። ሞተሩ በሌላ ባለሙያ ከተከፈተ ግን አይሠራም። ተጽፏል። ግን በጣም በደቃቅ ፊደል ነው። ልጁን «ስትሸጥለት በቃል ነግረኸዋል?» አልኩት። አልነገረውም። ይህ የእኛ ጉድለት ነው። በደንብ ስላየሁት ነው በኋላ መልሱ ውስጥ የገባው።

«አሮጌ» ያለውስ? እኛ ጋ ቬንትሌተር ሲሸጥ ካርቶኑ ገዢው ፊት ይከፈታል። ይገጠማል፣ ይሰካል፣ ሦስቱም ፍጥነት ይሞከራል። ልጁም ያን ቀን እንደዚያው እንዳደረገ ያስታውሳል። ይህኛው ሐሰት ነው።

ወረቀት ላይ ሦስት ቦታ ክፈሉት

አስተያየቱን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ጻፉትና ከጎኑ ምልክት አድርጉ። እውነት፣ ሐሰት፣ ወይም ስሜት።

የእኔ እንዲህ ወጣ። «አንድ ወር ሳይሞላው ተቃጠለ» እውነት። «ሰድበው አባረሩኝ» በመሠረቱ እውነት። «አሮጌ ሸጡልኝ» ሐሰት። «ጋራንቲ ውሸት ነው» ግማሽ፤ ጋራንቲው አለ፣ ቅድመ ሁኔታው ግን አልተነገረውም። «ሌቦች ናቸው» እና «ማንም እንዳይገዛ» ስሜት።

መልስ የሚሰጠው ለእውነቱና ለሐሰቱ ብቻ ነው። ለስሜቱ መልስ የለም። «ሌባ» ለሚል ቃል «ሌባ አይደለንም» ብሎ መመለስ ምንም አይጨምርም። ይልቁንም ያ ቃል በእናንተው ብዕር ሁለተኛ ጊዜ ተጻፈ ማለት ነው። እሱ አንድ ጊዜ ጽፎታል፣ ይበቃል። መልሳችሁ ውስጥ ቃሉ ጨርሶ አይታይ።

ማስጠፋት ይቻላል ወይ?

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህን ነው። ባለቤት የሰው አስተያየት በራሱ ማጥፋት አይችልም። ከአስተያየቱ ጎን ባሉት ሦስት ነጠብጣቦች ገብታችሁ «Report review» ማለት ትችላላችሁ። ጎግል የሚያነሳው ግን ደንቡን የጣሰውን ነው። በዘር ወይም በሃይማኖት የሚሳደብ፣ የሰው ስልክ ቁጥር ያወጣ፣ ከሱቁ ጋር የማይገናኝ፣ ማስታወቂያ የሆነ፣ ተፎካካሪ ወይም የቀድሞ ሠራተኛ የጻፈው። «እኔ እንደዚያ አላደረግኩም» ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ጎግል ማን እውነት እንደተናገረ አይዳኝም።

የእኔ ሰውዬ በእርግጥ ገዝቷል፣ የደረሰበትን ነው የጻፈው። ስለዚህ ሪፖርት ማድረጉ ጊዜ ማባከን ነበር። በእናንተ ላይ የተጻፈው ከላይ ካልኳቸው አንዱ ከሆነ ግን ወዲያውኑ ሪፖርት አድርጉ። ውሳኔው እስኪመጣም አጭር መልስ አስቀምጡ።

መልሱ ለማን ነው የሚጻፈው?

ለሰውየው አይደለም። እሱ ሐሳቡን ጨርሷል። መልሱ የሚጻፈው ማታ ሳቢያን ሰፈር ቤቱ ሆኖ፣ ሙቀቱ አላስተኛ ብሎት፣ «ነገ ቬንትሌተር የት ልግዛ» ብሎ ማፑን ለሚያየው ሰው ነው። እሱ እናንተንም፣ ከሳሹንም አያውቅም። ሁለት ነገር ብቻ ማወቅ ይፈልጋል። አንደኛ፣ እነዚህ ሰዎች አሮጌ እቃ ይሸጣሉ ወይ? ሁለተኛ፣ እኔ ላይ ችግር ቢደርስ ምን ያደርጉኛል? መልሳችሁ እነዚህን ሁለቱን ካልመለሰ፣ የቀረው ሁሉ ወሬ ነው።

ሦስት ረቂቅ

የመጀመሪያዬ ይህ ነበር። ለትምህርት ይሁን ብዬ ነው የማወጣው።

«አንተ ማን ነህ እንዲህ የምትለን? እኛ 11 ዓመት በታማኝነት የሠራን ነን! ራስህ አስከፍተህ አበላሽተህ እኛ ላይ ታላክካለህ? ማን እንደሆንክ እናውቃለን፣ በሕግ እንጠይቅሃለን!»

ሳቢያን ያለው ሰው ይህን ሲያነብ ምን ያያል? በጽሑፍ እንኳ እንዲህ የሚቆጡ ከሆነ ሱቅ ውስጥ በእርግጥ ሰድበው አባረዋል። የከሳሹን ቃል እኔው አረጋገጥኩለት ማለት ነው። «ማን እንደሆንክ እናውቃለን» የሚለው ደግሞ ዛቻ ነው። ነገ ቅሬታ ቢኖረው ቤቱ ድረስ የሚመጡበት ይመስለዋል። ክስ ልትመሠርቱ ከወሰናችሁ እንኳ ጠበቃ ጋ ሂዱ እንጂ እዚያ አትጻፉት።

ሁለተኛው የወንድሜ ልጅ የሰጠኝ ነው። ትልቅ ሆቴሎች የሚጽፉትን አይቶ።

«ውድ ደንበኛችን፣ ስለ ሰጡን አስተያየት እናመሰግናለን። ስለተፈጠረው ሁሉ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ድርጅታችን ሁልጊዜ ለደንበኛው ቅድሚያ ይሰጣል።»

ትሕትናው ጥሩ ነው። ግን «ስለተፈጠረው ሁሉ» ሲል አሮጌ እቃ ሸጣችኋል የተባለውንም ተቀበለ። አንባቢው የጠየቀው ሁለቱም ጥያቄ አልተመለሰም። ደግሞም ይህን ጽሑፍ ከአሥር ቦታ አንብቦታል። ሰው እንዳልጻፈው ያውቃል።

ሦስተኛው፣ የተለጠፈው፣ ይህ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። የሱቁ ባለቤት ነኝ። ሰኔ 3 እቃውን ይዘው ሲመጡ ሠራተኛችን በሰው ፊት የተናገረዎት ልክ አልነበረም። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ቬንትሌተሩ ግን አዲስ ነበር። ግንቦት 7 ካርቶኑ ፊትዎ ተከፍቶ፣ ተሰክቶ ተሞክሮ ነው የወሰዱት። የ6 ወር ጋራንቲውም አለ። ሞተሩ ሌላ ቦታ ከተከፈተ እንደማይሠራ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ተጽፏል፣ ሲመለስ ስቲከሩ ተቀዶ ነበር። ይህን ሲገዙ በቃል አልነገርንዎትም፣ መንገር ነበረብን።

በአዲስ መቀየር አንችልም። ይዘውት ቢመጡ ግን እርስዎ እያዩ ይከፈታል። የተበላሸው ካፓሲተሩ ከሆነ በነጻ እንቀይራለን። ጥቅልሉ ከተቃጠለ የእጅ ዋጋ አንቀበልም፣ የሽቦውን ብቻ ይከፍላሉ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት እኔው ራሴ ሱቅ አለሁ።»

ሦስት አንቀጽ ነው። የእኛ ጥፋት፣ እውነታው፣ አሁን የምናደርገው። ቅደም ተከተሉን አትቀይሩት። ጥፋታችሁን አስቀድማችሁ ካመናችሁ፣ ቀጥሎ «አዲስ ነበር» ስትሉ ሰው ያምናችኋል። ክህደቱን ካስቀደማችሁ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ይቅርታ የተጨነቀ ሰው ይቅርታ ይመስላል።

ስለ ቃላቱ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አማርኛችን አንድ ቃል ሲዛወር ትርጉም ይለውጣል።

*«ግን» የት ትቀመጥ?* «ይቅርታ፣ ግን ቬንትሌተሩ አዲስ ነበር» ካልኩ ይቅርታውን መልሼ ወሰድኩት። ሰው «ይቅርታ ግን» ሲሰማ ይቅርታውን አይሰማም። ስለዚህ ከይቅርታው በኋላ አራት ነጥብ አድርጌ አንቀጽ ለወጥኩ። «ግን»ን ደግሞ ከዓረፍተ ነገሩ ራስ አውርጄ «ቬንትሌተሩ ግን» አልኩ። አሁን «ግን» የያዘው እቃውን ብቻ ነው። ይቅርታው ሳይነካ ቆመ።

*ካሰኘንዎት አይባልም።* «ቅር ካሰኘንዎት ይቅርታ» ማለት «ቅር መሰኘትዎን አላመንኩም» ማለት ነው። ልጁ የተናገረውን ተናግሯል። «ከሆነ» የሚባልበት ነገር አይደለም። «ስህተት ተፈጥሯል» የሚለውም ያው ነው። ማን ፈጠረው? «ሠራተኛችን» ብዬ ጻፍኩ። ስሙን ግን አልጠራሁም። ልጁን የምቆጣው ጓዳ ውስጥ እንጂ አገር እያየ አይደለም።

*እርስዎ።* ድሬ «አንቱ» አታበዛም። ሽማግሌውንም «አንተ፣ አቦ» ብሎ ማቀፍ የከተማችን ፍቅር ነው፣ ማንም አይከፋበትም። ግን ያ ፊት ለፊት ነው፣ ፈገግታው ይታያል። ጽሑፍ ላይ ፈገግታ የለም። በተለይ በጥል መሃል የተጻፈ «አንተ» እንደ ንቀት ይነበባል። ከሐረር፣ ከጅግጅጋ ወይም ከአዲስ አበባ የሚያነብም አለ። እሱም እንዲቀየመን ሰበብ አንስጠው። «እርስዎ» በሉ።

*እኔ እና እኛ።* ይቅርታው «እጠይቃለሁ» ነው፣ አንድ ሰው ከነነፍሱ የቆመበት ይሁን። የጋራንቲው ነገር «አንችልም» ነው፣ የሱቁ ደንብ ስለሆነ። «ድርጅታችን» የሚለውን ለደብዳቤ ተዉት።

*ራስዎ* የሚለውን አውጡ። ረቂቄ ውስጥ «ራስዎ ሌላ ቦታ አስከፍተው» የሚል ነበረ። ጎረቤቴ ጨርቅ ትሸጣለች፣ ነገሩን ጨርሶ አታውቅም። ሰጠኋትና «አንብቢና ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ንገሪኝ» አልኳት። አነበበች። «አቦ፣ ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ» አለች። «ይሄ ‹ራስዎ› የሚለው ግን ይወጋል። አውጣው።» አወጣሁት። «ሞተሩ ሌላ ቦታ ከተከፈተ» ብቻ ቀረ። ማን እንደከፈተው አልተባለም፣ አንባቢው ግን ይገባዋል። ይህን ፈተና እናንተም አድርጉት። ነገሩን የማያውቅ አንድ ሰው ያንብበው። ስለ ሰውየው አዝኖ እናንተን ከጠላ፣ የሚወጋ ቃል ቀርቷል። ፈልጉት።

ጽናቱ የት አለ?

አንዳንድ ወዳጆቼ አንብበው «በጣም ተለሳልሰሃል» አሉኝ። አልተለሳለስኩም። «በአዲስ መቀየር አንችልም» የሚለውን ተመልከቱ። «እንደማንችል ስንገልጽ ከታላቅ ኀዘን ጋር ነው» የለበትም። አጭር ነው፣ አይጨቃጨቅም። ጽናት ያለው በቀኑ፣ በተቀደደው ስቲከር እና በዚህች አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ቃለ አጋኖ አንድም የለም።

ገደብ ስታስቀምጡ ግን ወዲያው ከጎኑ የምትችሉትን አስቀምጡ፣ ያውም ተለክቶ። «እንነጋገራለን» ወይም «እናስተካክላለን» በቂ አይደለም። እኔ ካፓሲተርና ጥቅልል የለየሁት በምክንያት ነው። ቬንትሌተር እየጮኸ ካልዞረ፣ ክንፉን በጣት ስትገፉት ከተነሳ፣ ብዙውን ጊዜ የደከመው ካፓሲተሩ ነው። ርካሽ ነው፣ ሌላ ባለሙያ ስለነካውም አይደለም የሚደክመው። በነጻ ልቀይርለት እችላለሁ። ከሞተሩ የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ግን ጥቅልሉ ሄዷል። በሽቦ እንደገና ይጠቀለላል፣ ዋጋ አለው። ሁለቱንም በነጻ ብል ነገ ሞተሩን አስከፍቶ የሚመጣ ሁሉ ይህን መልስ ከስልኩ አውጥቶ ያሳየኛል። ትክክልም ይሆናል። አደባባይ ላይ የጻፋችሁት ለአንድ ሰው ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም የተሰጠ ቃል ነው። ስለዚህ ለሃያ ሰው ልታደርጉት የማትችሉትን አትጻፉ።

የሰው ገመና

ሰውየው ስሙን አሳጥሮ ነው የጻፈው። እኔ ሙሉ ስሙን ከደረሰኙ አውቃለሁ፣ ስልኩም አለኝ። አንዱንም አላወጣሁም። ሰፈሩን፣ መሥሪያ ቤቱን፣ የከፈለበትን የባንክ ሒሳብ፣ አነጋገሩን፣ ብሔሩን፣ ሃይማኖቱን የሚጠቁም ነገር ሁሉ ከመልሱ ውጭ ነው። እሱ ራሱ የጻፈውን ለማስረዳት የሚያስፈልጉትን ሁለት ቀኖች ብቻ ጠቀስኩ።

ስልኩ ካላችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ ጊዜ ደውሉ። አንድ ጊዜ ብቻ። «ሰላም፣ ከሱቁ ነው፣ ባለቤቱ ነኝ። ሠራተኛችን የተናገረዎትን ሰምቼ ነው፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት። እቃውን ይዘው ይምጡ፣ አብረን እንየው።» ስለ አስተያየቱ አንድም ቃል አታንሱ። «ያን አጥፋው» ካላችሁ ይቅርታው ንግድ ይሆናል። ገንዘብ ወይም ቅናሽ ሰጥቶ ማስጠፋት ደግሞ የጎግልን ደንብ የሚጥስ ነው። እኔ ደወልኩ፣ አላነሳም። ደጋግሜ አልደወልኩም።

ስትለጥፉ

ከአስተያየቱ ሥር «Reply» የሚለውን ተጭናችሁ ትጽፋላችሁ። ከወጣ በኋላ «Response from the owner» በሚል ርዕስ ሥር ይታያል፣ ለጻፈውም ሰው መልእክት ይደርሰዋል። ሁልጊዜ ወዲያው ላይወጣ ይችላል፣ ጎግል መጀመሪያ ስለሚያየው። አልወጣም ብላችሁ ደግማችሁ አትላኩ።

ለአንድ አስተያየት መልሱ አንድ ነው። እንደ ፌስቡክ ኮሜንት እየተመላለሱ መከራከር የለም። ለእኛ ለባለ ሱቆች ይህ ጥሩ ነው። ፎቶም አይያያዝበትም፣ ስለዚህ «ስቲከሩን ላሳይ» ብላችሁ አትድከሙ፣ በቃል ግለጹት። በኋላ ግን ገብታችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ።

ፌስቡክ ገጻችሁ ላይ በኮሜንት ከሆነ የተጻፈው፣ መሰረዝ ስለምትችሉ እጃችሁ ይበላችኋል። አትሰርዙ። ስክሪን ሾቱ አንድ ሰው ጋ አለ። ተመሳሳዩን መልስ አንድ ጊዜ ጻፉ። ቀጥሎ ለሚመጣው ንትርክ «ሱቅ ይምጡ፣ እጠብቅዎታለሁ» ብላችሁ አቁሙ።

ሰውየው በሶማሊኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ከጻፈ በዚያው ቋንቋ መልሱለት። ድሬ ላይ የሚጽፍላችሁ ሰው አይጠፋም። ቋንቋው አፉን የፈታበት የሆነ ሰው ይጻፈው። ከሥሩ ሁለት መስመር አማርኛ ጨምሩበት።

ዘመድ አዝማድ ሰብስባችሁ ባለ አምስት ኮከብ አስተያየት አታስጽፉ። በአንድ ማታ ስምንት «ምርጥ ሱቅ» ሲወርድ አንባቢው ያውቃል፣ ደንቡም ይከለክላል። ከፍ ብዬ ያልኩት ሳቢያን ያለው ሰው አንዱን የውሸት ምስጋና ካወቀ የእኔን እውነተኛ መልስም አያምንም።

ጨርሶ የማታውቁት ሰው ከሆነ

መዝገባችሁን አገላብጣችሁ ምንም ካጣችሁ «ደንበኛችን አይደለህም» አትበሉ። ሚስቱ ወይም ልጁ ገዝተው ሊሆን ይችላል፣ የስልኩ ስምም የቤት ስም ሊሆን ይችላል። እንዲህ በቂ ነው፦ «የተጠቀሰውን የሚመስል ሽያጭ መዝገባችን ላይ አላገኘንም። የደረሰኙን ቁጥር ወይም የገዙበትን ቀን ይዘው ሱቅ ቢመጡ አጣርተን ምላሽ እንሰጣለን።» ከዚህ በላይ አትጨምሩ።

ከተለጠፈ በኋላ

መልሱ በወጣ በአሥራ አንደኛው ቀን ሰውየው መጣ። ቬንትሌተሩን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ከታላቅ ወንድሙ ጋር። ሰላምታ ሰጠሁት፣ ወንበር ሰጠሁት፣ ሻይ አዘዝኩ። ልጁ ራሱ ተነስቶ «ወንድሜ፣ ያን ቀን አጥፍቻለሁ» አለው። ሞተሩን ፊታቸው ከፈትነው። ጥቅልሉ ጠቁሯል። ወንድሙ አጎንብሶ አሸተተውና «ይሄማ ሄዷል» አለ። በጻፍኩት መሠረት የሽቦውን ብቻ ከፈለ። አስተያየቱን አላነሳሁበትም። እሱም አላነሳም።

አላጠፋውም። አንዱ ኮከብ ዛሬም አለ። እኔ ግን ከመሄዱ በፊት «ተሠርቶ እንደወሰዱ መልሱ ላይ ልጽፍ ይፈቅዱልኛል?» ብዬ ጠየቅኩት። «ጻፍ፣ ምን ቸገረኝ» አለኝ። ማታ ገብቼ ከመልሱ ሥር አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ሰኔ 17፦ ደንበኛው መጥተው ሞተሩ እያዩ ተከፍቷል፣ ሽቦው እንደገና ተጠቅልሎ ወስደዋል።»

በማግሥቱ ደረሰኞቹን ወደ ማተሚያ ቤት ላክሁ። የጋራንቲው ቅድመ ሁኔታ አሁን ፊት ለፊት፣ ከዋጋው ሥር ነው፣ በትልቅ ፊደል። ልጁም ቬንትሌተር ሲሸጥ ሞተሩ ላይ ያለችውን ስቲከር በጣቱ እየነካ «ይቺ ከተቀደደች ጋራንቲው የለም፣ ችግር ካለ መጀመሪያ እኛ ጋ» ይላል።